ሰሃኑን ለይተን መስኮቱን ዘጋን



በሴሚስተሩ እረፍት የጓደኛችንን አያት ለመዘየር አኖ ሄደን ነበር። እሳቸው የሳምባ ቲቢ መድኃኒት ከጀመሩ ገና አራተኛ ቀናቸው ነው። ቤተሰቡ ሰሃናቸውንና ኩባያቸውን ለይቷል። መስኮቱ ግን ብርድ እንዳይመታቸው ተብሎ ተዘግቶ ስንጥቁ በጆንያ ተወትፏል። እኛ ስድስት ሆነን፣ ከሁለት ሕፃናት ጋር፣ አልጋውን ከበን አንድ ሰዓት ያህል ዱዓ ስናደርግ ቆየን።

ነገሩን ሁላችንም ገልብጠነዋል። ቲቢ በሰሃን አይተላለፍም። ታማሚው ሲያስል የሚወጣው ረቂቅ ጠብታ በተዘጋ ክፍል አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል፤ የሚይዘንም ያንን ስንተነፍስ ነው። የተለየው ሰሃን ማንንም አያድንም፣ አያትን ግን ያሳፍራል።

ክፍሉ ሦስት በአራት ሜትር፣ ከፍታው ሁለት ተኩል ነው እንበል፤ 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ፊት ለፊት የተከፈቱ መስኮትና በር ካሉት፣ ግማሽ ካሬ ሜትር በሆነው መስኮት በሰከንድ ግማሽ ሜትር የምትሄድ ለስላሳ ነፋስ እንኳ የክፍሉን ያህል አየር ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ታስገባለች። የዓለም ጤና ድርጅት በአየር ለሚተላለፍ በሽታ ማግለያ ክፍል የሚመክረው አየሩ በሰዓት 12 ጊዜ እንዲለወጥ ነው፤ ይህም በየአምስት ደቂቃው ማለት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ በሩ ሕፃናቱ ወደሚተኙበት ሳሎን የሚከፈት ከሆነ ነፋሱ ሳሉን ወደ እነርሱ ይዞ ይሄዳል። ያኔ የሳሎኑ በር ተዘግቶ መስኮቱ ይከፈት፤ ወደ ውጭ የራሱ በር ያለው ክፍል ከተገኘ ደግሞ ይበልጣል። ብርዱን ጋቢና ብርድ ልብስ ይችሉታል።

መድኃኒቱ በትክክል ከተወሰደና ቲቢው መድኃኒት የተላመደ ካልሆነ፣ የማስተላለፉ አቅም በአብዛኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ በጣም ይቀንሳል። እስከዚያ ለብቻ መተኛት፣ ሰው ሲገባ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ አክታን ክዳን ባለው ዕቃ መትፋት ያስፈልጋል። ሕክምናው ግን ስድስት ወር ነው፤ ሳሉ ሲጠፋ የሚያቋርጥ ሰው በሽታውን መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ያጋልጣል። አብረው የሚኖሩት ሁሉ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ። በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ሕፃናት፣ ባያስሉም፣ በሽታው እንደሌለባቸው ከተረጋገጠ በኋላ መከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። የጓደኛችን ቤተሰብ ይህን የሰማው ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ነው፤ ከእኛ ከተማርነው ልጆች አልነበረም፣ ይህም ያሳፍረናል።

«ታዲያ ዚያራ ይቅር?» የሚለን ይኖራል። አይቅር። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከሰርግ ሲመለሱ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሸሻቸው ነበር። በማግስቱ እንደገና ስንሄድ አያትን በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ በጋቢ ተጠቅልለው አገኘናቸው። ራቅ ብለን ተቀመጥን፤ ቡናውም እዚያው ተፈላ። «ትናንት እኮ እንደ ጀናዛ ከበባችሁኝ» ብለው ሳቁብን።