ሐምሌ 22 ዕቅዱን ሲያፈርሰው፤ የደስጣ ወረቀት ሒሳብ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥ ወጣት ከመንግሥት ቢሮ የሚደርሰው ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጋዜጣ ላይ በሎት ተከፋፍሎ የወጣ የጨረታ ማስታወቂያ ነው፤ ሎት 1 የደንብ ልብስ፣ ሎት 2 አላቂ የቢሮ ዕቃ እያለ የሚቀጥለው። ሌላው ደግሞ «ፕሮፎርማ ስጠን» የሚል ነው። አንድ ዕቃ በየትኛው መንገድ ይገዛ የሚለው ግን በግዥው ቀን የሚወሰን አይደለም። የሚወሰነው ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ የዓመቱ የግዥ ዕቅድ ሲሠራ ነው።

ዕቅዱ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ማስታረቅ አለበት። አንደኛው በበጀት መደቡ ያለው ገንዘብ ነው፤ አላቂ የቢሮ ዕቃ ለምሳሌ 6212 በሚባለው መደብ ይያዛል። ሁለተኛው ያለ ጨረታ፣ በፕሮፎርማ ብቻ መግዛት የሚቻልበት የዋጋ ጣሪያ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ማን እስከ ስንት ብር ማጽደቅ እንደሚችል የሚደነግገው ገደብ ነው። ሦስቱ በተናጠል ሲታዩ ቀላል ናቸው። ችግር የሚመጣው የአንዱ ዋጋ ሲነቃነቅ ሁሉም አብረው ሲነቃነቁ ነው።

ሐምሌ 2016 ላይ የሆነውን እናስታውስ። የ2017 በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀመረ፣ ዕቅዶች በሰኔ ዋጋ ተሰሉ። ሐምሌ 22 ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ በባንክ ከ100 ብር አለፈ። አስመጪው ቀድሞም በጥቁር ገበያ ዋጋ ይሠራ ስለነበር ሁሉም ዕቃ እጥፍ አልሆነም። ዕቅድ ለማፍረስ ግን እጥፍ መሆንም አያስፈልግም።

በምሳሌ እንየው፤ ዋጋዎቹ ለማስረዳት የያዝኳቸው ናቸው። አንድ የላፍቶ ትምህርት ቤት በዓመት 240 ደስጣ ወረቀት ይፈልጋል። አንዱ ቫትን ጨምሮ 400 ብር ቢሆን 96,000 ብር ይመጣል። ቶነር 20,000 ሲደመር 116,000 ነው፤ መደቡ ላይ 120,000 አለ። ለጣሪያው ሰኔ 2002 የወጣውን የፌዴራል መመሪያ እንውሰድ፤ ለዕቃ ግዥ የፕሮፎርማው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር። (ጣሪያው በየጊዜው ይሻሻላል፣ ከተማዋም የራሷ መመሪያ አላት፤ ዕቅድ የሚሠራ ሰው በእጁ መያዝ ያለበት በሥራ ላይ ያለውን ነው።) እስካሁን ሁሉም ተስማምቷል።

አሁን ደስጣው 520 ብር ገባ እንበል። ወረቀቱ ብቻ 124,800 ብር ሆነ፣ ከጣሪያው አለፈ። ከቶነሩ ጋር 144,800 ነው፤ መደቡ 24,800 ብር ጎደለው። ኃላፊው ብቻውን የሚያጸድቀው እስከ 100,000 ቢሆን ደግሞ ጉዳዩ ወደ አጽዳቂ ኮሚቴ ይሄዳል።

ፈተናው እዚህ ጋ ነው። 120 ደስጣ መስከረም ላይ፣ 120 ደግሞ ኅዳር ላይ ቢገዛ እያንዳንዱ 62,400 ብር ነው። በሦስት ሦስት ፕሮፎርማ ያልቃል፤ ጨረታም ኮሚቴም የለም። ብዙዎች «ሥራ ለማፋጠን ነው» ይላሉ፣ ግን ሕጉ የሚከለክለው ግዥ መከፋፈል ይህንኑ ነው። በአንድ ዓመት ዕቅድ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ፍላጎት የሚለካው በድምሩ እንጂ በደረሰኙ አይደለም።

ከውጭ ሆኖ መለየትም አይከብድም። ተመሳሳይ ዕቃ በተቀራረበ ጊዜ ተገዝቷል፣ ዋጋው ሁሌ ከጣሪያው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ አሸናፊው ያው ሱቅ ነው፤ ተሸናፊዎቹ ሁለት ፕሮፎርማዎች ደግሞ አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ፣ የፊደል ስህተታቸው እንኳ አንድ ነው። ያ ወጣት ነጋዴ «ለማሟያ ብቻ ነው፣ ዋጋውን ከፍ አድርገህ ስጠን» ከተባለ፣ ውድድር ውስጥ እንዳልገባ ይወቅ።

መውጫው ዕቅዱን ማሻሻል ነው። ወይ 24,800 ብሩን ትርፍ ካለው መደብ በበጀት ዝውውር ጠይቆ ወረቀቱን በጨረታ መግዛት፣ ወይ ፍላጎቱን መቀነስ ነው። 180 ደስጣ 93,600 ብር ይሆናል፤ ቶነር ሲጨመር 113,600፣ በመደቡ ውስጥ ይገባል፣ በፕሮፎርማም ይቻላል። ይሄ የሚሠራው ግን ቅነሳው እውነተኛ ከሆነ ብቻ ነው። ሚያዝያ ላይ «60 ደስጣ አነሰን» ተብሎ ሌላ ፕሮፎርማ ከተሰበሰበ፣ ያው መከፋፈሉ በዘገየ መልኩ ተፈጸመ ማለት ነው።

ጨረታው ከተመረጠ ቀኑን ወደኋላ መቁጠር ነው። ወረቀቱ ጥር ላይ ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከተፈለገ ማስታወቂያ፣ ግምገማ፣ የኮሚቴ ስብሰባ፣ የቅሬታ ጊዜና ውል ሁሉ ከዚያ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ዝውውሩ ደግሞ ከማስታወቂያውም ይቀድማል። ጥያቄው ግንቦት ላይ ከተጻፈ፣ ኮሚቴው ፈርሞ ሳይጨርስ ሰኔ 30 ይደርስና ገንዘቡ ይዘጋል።