ሉፕ አስገብቼ የወር አበባዬ ጠፋ፤ ደሙ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ዕድሜዬ 34 ነው። ከዓመት በፊት ሆርሞን ያለው ሉፕ ተደረገልኝ። መጀመሪያ ላይ ለአራት ወር ያህል ጠብ ጠብ የሚል ደም አስቸገረኝ። ከዚያ እየቀነሰ መጣና አሁን ጨርሶ ካቆመ ሦስት ወር ሆኖታል። እናቴ «ደሙ ውስጥሽ ተጠራቅሞ በሽታ ይሆንብሻል፤ አስወጪው» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የእናትሽን ስጋት ብዙ እናቶች ይጋሩታል። ነገር ግን የወር አበባ በማህፀን ውስጥ ተጠራቅሞ የሚወጣ ቆሻሻ አይደለም። የማህፀን ውስጠኛው ሽፋን በየወሩ ይወፍራል፤ እርግዝና ካልተፈጠረ ይረግፋል፤ ደሙም ከዚያ ይመጣል። ሉፕሽ ሌቮኖርጄስትሬል የሚባል ሆርሞን በየቀኑ በጥቂቱ ይለቃል። በዚህ ምክንያት ሽፋኑ ስስ እንደሆነ ይቆያል። ያልወፈረ ነገር አይረግፍም፤ ስለዚህ የሚጠራቀም ደም የለም።

52 ሚሊግራም ሆርሞን የያዘውን ሉፕ ከሚጠቀሙ አምስት ሴቶች የአንዷ ያህሉ የወር አበባ በአንድ ዓመት ውስጥ ይጠፋል። ይህ ያለ ጊዜው ማረጥ አይደለም፤ በአብዛኞቹ ሴቶች እንቁላል የሚያመርተው የሰውነት ክፍል ሥራውን ይቀጥላል። ሉፑ ሲወጣ የወር አበባም የመውለድ አቅምም ይመለሳሉ። ደሟ እየበዛ የደም ማነስ ለሚያስቸግራት ሴት ደግሞ የወር አበባው መቅረት ጥቅም አለው።

አንድ ነገር ግን አረጋግጪ። በእኛ ዘንድ የመዳቡም የሆርሞኑም «ሉፕ» ይባላሉ። መዳቡ ብዙ ጊዜ ደምን ያበዛል እንጂ አያጠፋም። ያስገባሽው የመዳቡን ከሆነና የወር አበባሽ ከቀረ፣ ሳትቆዪ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ።

ሉፕሽ የሆርሞኑ ከሆነም፣ የወር አበባሽ ስለቆመ አንድ ጊዜ የሽንት ምርመራ ማድረግሽ አይከፋም። ከዚያ እጅሽን ታጥበሽ የሉፑን ክር በጣትሽ ዳስሺ። ክሩ ካለና ምርመራው እርግዝና ከሌለ ካሳየ፣ የወር አበባሽ ስለጠፋ ብቻ ሉፑን ማስወጣት አያስፈልግሽም። ክሩን ካጣሽው ወደ ላይ ተስቦ ወይም ሉፑ ወድቆ ሊሆን ይችላል። በአልትራሳውንድ እስኪታይ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሙ።

ጠፍቶ የነበረው ደም ድንገት በዝቶ ከተመለሰ፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሽ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። በሉፕ ማርገዝ እምብዛም አያጋጥም፤ ካጋጠመ ግን ከማህፀን ውጭ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ምርመራው እርግዝና ካሳየ ሳትውይ ሳታድሪ ታዪ። በአንድ ጎን የሚበረታ የሆድ ሕመም ወይም ራስን የሚያስት ድካም ከመጣ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ድረሺ።