«ለውዝ» ብሎ ማለፍ ይብቃ፤ የላሊበላን መደርደሪያዎች በትክክለኛ ስማቸው እናንብብ

የላሊበላ ባለሱቆች፣ የሆቴል ምግብ አብሳዮችና አስተናጋጆች፣ የእንግሊዝኛና የባዮሎጂ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ከዓረብ አገር ሠርታችሁ የተመለሳችሁ እኅቶችና ወንድሞች፤ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ሱቆቻችን ከቱርክ፣ ከዱባይ፣ ከሕንድና ከአውሮፓ የመጡ ብስኩቶች፣ ቸኮሌቶችና የቡና ክሬመሮች ተደርድረውባቸዋል። ምን እንደያዙ በጀርባቸው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ልጇን ኦቾሎኒ ወይም ወተት የሚያሳምምባት እናት ግን ያንን ጽሑፍ የምታገኘው ከባለሱቁ አፍ ነው፤ ባለሱቁም የሚነግራት አከፋፋዩ የነገረውን ነው። በዚህ ቅብብል አንድ ስም ከተሳሳተ ዳፋው የሚተርፈው ለልጁ ነው። ከንፈሩ ያብጣል፣ ቆዳው ሽፍ ይላል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲብስም ጉሮሮው ተዘግቶ መተንፈስ ያቅተዋል። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሆን ነገር ነው። ከላስታ ቀበሌዎች ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደውን የተራራ መንገድ ለምታውቁት ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ትልቁ አደጋ ያለው ለውዝ በሚለው ቃል ላይ ነው። ገበያ ላይ ለውዝ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ተቆልቶ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ኦቾሎኒ ነው። የመጽሐፍ ቅዱሱ ለውዝ ግን ሌላ ነው፤ ነቢዩ ኤርምያስ በትሩን ያየው ዛፍ ዛሬ ማሸጊያ ላይ አልሞንድ ተብሎ የሚጻፈው ነው። ኦቾሎኒ የባቄላና የሽምብራ ዘመድ ነው፤ ፍሬውንም አፈር ውስጥ ነው የሚይዘው። አልሞንድ፣ ሀዝልነት፣ ካሹ፣ ዋልነትና ፒስታቺዮ ግን የዛፍ ፍሬዎች ናቸው። አለርጂ የሚቀሰቅሰው ፕሮቲናቸው ስለሚለያይ ኦቾሎኒ የሚጎዳው ሰው ሁሉ አልሞንድ ይጎዳዋል ማለት አይቻልም። ካሹ የሚጎዳውም ኦቾሎኒን በደህና ሊበላ ይችላል፤ ሁለቱም የማይስማሙትም አለ። ሁሉንም «ለውዝ» ብሎ የጠራ ተርጓሚ አንዱን ሰው ያለምክንያት ምግብ ያስከለክላል፣ ሌላውን ደግሞ ለአደጋ ያጋልጣል።

የዓረብኛው ማሸጊያ ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል። በዓረብኛ «ለውዝ» ማለት አልሞንድ ነው። ኦቾሎኒ «ፉል ሱዳኒ» ይባላል፣ የሱዳን ባቄላ እንደማለት። ጅዳ ወይም ሪያድ ቤት ውስጥ ሠርታ የተመለሰች እኅታችን የቸኮሌቱን ጀርባ አንብባ «ለውዝ አለው» ብትል ንባቧ ልክ ነው፤ የሚሰማት ሰው ግን ኦቾሎኒ ብሎ ይረዳዋል። «ፉል» የሚለውን አይታ «ባቄላ ነው» ብላ ብታልፈውስ? ቁርስ ላይ የምናውቀው ፉል ይመስለንና ኦቾሎኒውን ለልጁ እናቀርብለታለን። በቱርክኛም «ፍስትክ» የሚለው ስም ለኦቾሎኒም ለፒስታቺዮም ያገለግላል፤ የሚለያቸው ከፊቱ የሚገባው ቃል ነው። «የር ፍስትክ» ከሆነ ኦቾሎኒ ነው፣ «አንቴፕ ፍስትክ» ከሆነ ፒስታቺዮ። በእንግሊዝኛ ደግሞ ፒናትም፣ ግራውንድናትም፣ አራኪስ ኦይል የሚባለውም ምንጫቸው ያው ኦቾሎኒ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስምምነታችን ይህ ይሁን፤ ለውዝ የሚለው ቃል ብቻውን በማንኛውም የሱቅ ወይም የሆቴል ጽሑፍ ላይ አይውጣ። ኦቾሎኒውን ኦቾሎኒ፣ የዛፍ ፍሬዎቹን ደግሞ እያንዳንዳቸውን በስማቸው እንጥራ። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስም እ.ኤ.አ. በ2024 ባሻሻለው የማሸጊያ ጽሑፍ ደረጃ የዛፍ ፍሬዎችን በጅምላ ከመጥራት ይልቅ በየስማቸው ዘርዝሯቸዋል። በሌላ በኩል ትክክለኛ የአማርኛ ስም እያለ የውጭውን መገልበጥም ስህተት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ማሸጊያ ላይ እንዲገለጹ ከሚያስገድዳቸው 14 አለርጂ ቀስቃሾች አንዱ ሉፒን ነው። «ሉፒን» ብሎ መጻፍ ለማንም ምንም አይነግርም። ጎጃም ሄዶ የሚያውቅ ሁሉ ግን ግብጦን ያውቀዋል፤ ሉፒን ማለት ግብጦ ነው። ኦቾሎኒ የሚጎዳው ሰው ግብጦም ሊጎዳው ስለሚችል ይህ ስም በትክክል መጻፉ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከጾማችን ጋር የተያያዘ ስለሆነ በጥንቃቄ እንድታነቡት እለምናችኋለሁ። በላሊበላ «የጾም ነው ወይስ የፍስክ?» ብሎ የማይጠይቅ ገዢ የለም፤ «የጾም ነው» የሚለው መልስም ወተት የለበትም ማለት ተደርጎ ይወሰዳል። የቡና ክሬመሩን እንውሰድ። ፊቱ ላይ «ከወተት ነፃ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የያዘ ብዙ ክሬመር አለ። ገልብጣችሁ ስታነቡት ከዘይቱና ከስኳሩ ቀጥሎ ሶዲየም ካሲኔት የሚል ታገኛላችሁ። ካሲኔት የሚሠራው ካዜይን ከሚባለው የወተት ፕሮቲን ነው፤ በላም ወተት ውስጥ ካለው ፕሮቲን አብዛኛውም እሱ ነው። የወተት አለርጂ ላለበት ልጅ ይህ ዱቄት ወተት ነው። ለጿሚውም ቢሆን ማወቁ የሚገባው ነገር ነው። «ሶዲየም ካሲኔት» ብሎ ፊደሉን ብቻ መገልበጥ ትርጉም አይባልም። «የወተት ፕሮቲን (ካሲኔት)» ተብሎ ይጻፍ። ዌይ ፓውደር የሚባለውንም «የአጓት ዱቄት» እንበለው፤ ዓይብ ያወጣች እናት ሁሉ አጓት ከወተት እንደሚገኝ ታውቃለች።

እዚህ ላይ «ወተት አይስማማኝም» የምንለውንም እንለየው። አንዳንዱ ሰው ወተት ሲጠጣ ሆዱን የሚነፋውና የሚያስቀምጠው የወተቱን ስኳር መፍጨት ስለማይችል ነው። ይህ ያስቸግራል እንጂ እስትንፋስ አይዘጋም። የፕሮቲኑ አለርጂ ግን ሊገድል ይችላል። «ላክቶስ የሌለው» የሚል ጽሑፍ የመጀመሪያውን ሰው ይጠቅመዋል፤ ለሁለተኛው ፋይዳ የለውም፣ ፕሮቲኑ እዚያው አለና። አስተናጋጆች እንግዳ «ወተት አይስማማኝም» ሲላችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን አንድ እሽግ አብረን እንተርጉም። ጀርባው ላይ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት፣ ሀዝልነት፣ ዌይ ፓውደር፣ ሶያ ሌሲቲን የሚል ያለበት ብስኩት ነው እንበል፤ ከሥሩም ኦቾሎኒና ሰሊጥ «ሜይ ኮንቴይን» ይላል። ተርጓሚው ሶያን «አተር» ብሎ ቢያሳጥረው ሽሮ የምናደርገው አተር ሆነ ማለት ነው፤ ሶያ አኩሪ አተር ነው፣ «አኩሪ» የምትለዋ ቃል ፈጽሞ መቅረት የለባትም። ሌሲቲን አንዳንዴ «ኢ 322» በሚል ቁጥር ብቻ ይጻፋል። ከአኩሪ አተርም ከእንቁላልም ሊሠራ ስለሚችል ማሸጊያው ምንጩን ካልገለጸ እኛም በግምት አንሙላው፤ «ምንጩ አልተገለጸም» ብለን እንጻፍ። የመጨረሻው መስመር ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚበላሽ ነው። «ሜይ ኮንቴይን» ማለት ኦቾሎኒውና ሰሊጡ በምግቡ ውስጥ ሆን ተብለው አልገቡም፣ ነገር ግን በዚያው ማሽን ላይ ሌላ ምርት ስለሚሠራ ብናኙ ሊቀላቀል ይችላል ማለት ነው። «አለው» ብለን ከተረጎምነው ውሸት ይሆናል፤ ከተውነው ደግሞ አደጋውን ደበቅነው። የሱቁ ወረቀት እንዲህ ይነበብ፤ «ይዟል፦ ስንዴ፣ ሀዝልነት፣ ወተት (የአጓት ዱቄት)፣ አኩሪ አተር። ሊገኝበት ይችላል፦ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ።» እነዚህ ሁለት ሐረጎች በከተማው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ። አንዱ ሱቅ «ይዟል»፣ ሌላው «አለበት»፣ ሦስተኛው «ይኖረዋል» ካለ ገዢው ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም።

በብዙ አገሮች «ሊገኝበት ይችላል» የሚለውን ማስጠንቀቂያ መጻፍ የፋብሪካው ፈቃድ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ የሌለው እሽግ ሁሉ ንጹሕ ነው ብለን መጻፍ አንችልም። «ነፃ ነው» የሚለውን ቃል ማሸጊያው ራሱ በግልጽ ካልጻፈው እኛ ከየትም አናምጣው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ ፕላምፒ የምትሉትን እሽግ አስታውሱ። ከውጭም ይመጣል፣ አገር ውስጥም ይመረታል፤ ዋናው ነገሩ የኦቾሎኒ ቅቤና የወተት ዱቄት ነው። ለተጎዳ ሕፃን ሕይወት አዳኝ ስለሆነ ማንም ሊፈራው አይገባም። ነገር ግን ልጁ ከዚህ በፊት ኦቾሎኒ ወይም ወተት አሳምሞት ያውቅ እንደሆነ ስትጠይቁ «ለውዝ» ብላችሁ አትጠይቁ። «ኦቾሎኒ» በሉ፤ ከተቻለም ፍሬውን አሳዩ።

ሥራውን እንዲህ እንጀምረው። በመጪዎቹ የቅዳሜ ገበያዎች ሁለት መምህራን፣ አንድ የግብርና ባለሙያ፣ አንድ ዓረብኛ አንባቢ፣ አንድ የጤና ባለሙያና ሁለት ባለሱቆች ይቀመጡና በከተማችን ብዙ የሚሸጡትን እሽጎች ያሰባስቡ። ለእያንዳንዱ እሽግ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይተርጉሙ። ከዚያ ዋናውን ጽሑፍ ያላየ ሦስተኛ ሰው አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ዓረብኛ ይመልሰው። የተመለሰው ከማሸጊያው ጋር ካልገጠመ ቃሉ ገና አልተገኘም ማለት ነው፤ እስኪገጥም ድረስ አይለጠፍም። የተስማማንበትን የቃላት ዝርዝር በአንድ ገጽ አትመን ለየሱቁና ለየሆቴሉ ወጥ ቤት እናድል።

ባለሱቆች፣ ወረቀቱን መደርደሪያው ላይ ለጥፉት እንጂ የማሸጊያውን ጽሑፍ አትሸፍኑበት፤ ዋናውን ማንበብ የሚችል ሰው ማየት አለበት። የምርት ቁጥሩንና ቀኑንም ጻፉበት። ፋብሪካዎች ያለ ማስታወቂያ ቅመማቸውን ይለውጣሉና አዲስ ካርቶን በተከፈተ ቁጥር ጀርባው እንደገና ይነበብ። የሚያጠራጥር ወይም ጽሑፉ የተሸፈነ እሽግ ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት አቅርቡ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብ ቁጥጥር ኃላፊነት ያለበት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋ እንዲደርስም ተከታተሉ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም የቃላት ዝርዝሩን አይታችሁ እንድታርሙልን እንጠይቃችኋለን።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ በኋላ የገና ምእመናን ከየአገሩ ይመጣሉ፤ እንግዳው ይበዛል፣ ሱቁም ሆቴሉም ይጨናነቃል። ገጹ ከዚያ በፊት ታትሞ በየሱቁ መሰቀል አለበት። ዓረብኛ ወይም ቱርክኛ የምታነቡ፣ በመጪው ቅዳሜ አንድ እሽግና አንድ እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ።