እንሰቱን ያወቀ፣ ምንባቡን ያላየ

ሺንሺቾ ውስጥ ለሚማር ልጅ ስለ እንሰት የተጻፈ ምንባብ መስጠት ወጥመድ ነው፤ ጓሮው እንሰት ነው፣ እናቱ ስትፍቅ አይቷል፣ ስለዚህ ከምንባቡ ይልቅ ጓሮውን ያነብባል። ምንባቡ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ በድርቅ ጊዜ ቤተሰቡን ያሻግራል።» ጥያቄው ደግሞ «በምንባቡ መሠረት እንሰት በድርቅ ጊዜ የሚጠቅመው ለምንድን ነው?» የሚል ነው። ልጁ ሳያመነታ «ግንዱ ውሃ ስለሚይዝ» የሚለውን ያከብበዋል። እውነቱን ነው፣ ግንዱ ውሃ ይይዛል፤ ምንባቡ ግን ይህን የትም አላለም። እርማት ላይ «ተሳስተሃል» ብቻ ከተባለ ይከፋዋል፣ እኔም ብሆን ይከፋኛል። «ጣትህን መልስህ ያለበት ዓረፍተ ነገር ላይ አድርግ» ቢባል ግን ጣቱ ማረፊያ ሲያጣ ራሱ ያየዋል። ጣት ማሳረፍ ሲባል ቃሉን መገልበጥ ማለት አይደለም፤ «ጉድጓዱ ባዶ የሆነበት ቤተሰብ ድርቅ ቢመጣ ምን ይገጥመዋል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በቀጥታ አልተጻፈም፣ ሆኖም ከዚያችው ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ጥፋቱ ሁሉ የልጁ ነው ብዬም አላምንም። ጥያቄ አውጪው ምንባቡን ሸፍኖ ጥያቄዎቹን ብቻ ለአንድ የሰፈር ልጅ ይስጥ፤ ልጁ ሳያነብ አብዛኛውን ከመለሰ የተፈተነው ንባቡ ሳይሆን አስተዳደጉ ነው፣ ጥያቄውም ተቀዶ እንደገና ይጻፍ።