ኩላሊቱ ወይስ ቁጥሩ?

ሎውሪ እስከ 1994 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በኋላም እንዲሁ) የአሜሪካ አየር ኃይል ጣቢያ ነበር። አሁን አብዛኛው ዴንቨር፣ ምሥራቃዊው ጫፍ ደግሞ አውሮራ ውስጥ የሚቆጠር የመኖሪያ ሰፈር ሆኗል። ከዚያ ወደ ሃቫና ጎዳና ብቅ ያለ ሰው የእኛን ምግብ ቤትና ሱቅ አያጣም፤ ማታ ማታ በአካባቢው ጂሞች ደግሞ የእኛን ልጆች አያጣም። ከኡበር ሥራው የተመለሰው አለ፣ የሌሊት ፈረቃዋ ሳይጀምር ትንሽ ልሥራ ብላ የመጣችው አለች። በዚህ ሰሞን በመካከላቸው የሚዘዋወረው ወሬ አንድ ነጭ ዱቄት ነው፤ ክሬቲን።

ወሬው ሁለት ጎራ አለው። ጂም ውስጥ ያለው ጎራ «ሎድ አድርገሃል? መጀመሪያ ሳምንት ሃያ ሃያ ግራም ካልወሰድክ አይሠራም» ይላል። ቤት ውስጥ፣ ቡና ላይ የተቀመጠው ጎራ ደግሞ «ኩላሊቱን ሊጨርስ ነው» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱንም ስሰማ ከርሜ የታዘብኩት ነገር አለ፦ የመጀመሪያው የሚቸኩለው ያለምክንያት ነው፤ የሁለተኛው ፍርሃት ደግሞ ምክንያት ቢኖረውም የሚፈራው የተሳሳተውን ነገር ነው። ኩላሊት ለእኛ ተራ ቃል አይደለም። ለእጥበት ገንዘብ ያላዋጣ፣ ፎቶ ይዞ የሚለምን ዘመድ ያላየ ሰው በመካከላችን የለም ማለት ይቻላል። አገር ቤት የኩላሊት ንቅለ ተከላ በጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው ገና በ2015 ነው። እናት ብትደነግጥ አይፈረድባትም።

ክሬቲን ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉበታችንና ኩላሊታችን ራሳቸው ይሠሩታል፤ ከሥጋና ከዓሣም እናገኘዋለን። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው በአካሉ ውስጥ 120 ግራም ያህል አለው፣ ያውም ከሞላ ጎደል ሁሉም ጡንቻ ውስጥ ነው። ሥራው ለአጭርና ለከባድ ጥረት፣ ለምሳሌ ብረት አምስት ስድስት ጊዜ ለማንሳት፣ ኃይል ቶሎ መልሶ ማቀበል ነው። ጡንቻው ተጨማሪ ሲሰጡት ይይዛል፤ ግን በአማካይ ሃያ በመቶ ያህል ጨምሮ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚጨመርበት እንደ ሞላ እንስራ ይፈሳል። የሚፈሰውም በሽንት ነው።

የሃያ ግራሙ ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ1992 ሃሪስ፣ ሶደርሉንድና ኸልትማን የተባሉ ተመራማሪዎች አምስት ግራም በቀን አራትና ከዚያ በላይ ጊዜ እየሰጡ ጡንቻ ውስጥ ያለው ክሬቲን በቀናት ውስጥ ከፍ እንደሚል አሳዩ። በሥራ ላይ ያለው የሎዲንግ ልማድ ሥሩ እዚያ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ግን እነ ኸልትማን ሌላ ጥያቄ ይዘው ተመለሱ። አንዱን ቡድን ለስድስት ቀን በቀን ሃያ ግራም፣ ሌላውን ለሃያ ስምንት ቀን በቀን ሦስት ግራም ብቻ ሰጡ። መጨረሻ ላይ የሁለቱም ጡንቻ የደረሰው ተመሳሳይ ቦታ ነው።

ሂሳቡን ማንም ሊሠራው ይችላል። በስድስት ቀን 120 ግራም ይዋጣል፤ ጡንቻው ሊጨምር የሚችለው ግን ሃያ አራት ግራም ገደማ ነው። የቀረው አብዛኛው ተከፍሎበት፣ በኩላሊት አልፎ ሽንት ቤት ይገባል። የሎዲንግ ትርፍ ሦስት ሳምንት ቀድሞ መድረስ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ውድድር ላለበት ስፖርተኛ ይህ ጊዜ ዋጋ ይኖረው ይሆናል። ለክረምት ልብስ ጠበበኝ ብሎ ጂም ለጀመረ የሎውሪ ሰው ግን ምን ይረባዋል? ሆድ መንፋትና ተቅማጥ የሚበረታውም አንድ ጊዜ ብዙ ሲዋጥ ነው፤ አሥር ግራም በአንድ ትንፋሽ የጠጣ ሰው አምስት አምስት ከፍሎ ከወሰደው ይልቅ ሆዱ ይረበሻል። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ የሚታየው አንድ ሁለት ኪሎም ጡንቻ አይደለም፣ ጡንቻ የያዘው ውኃ ነው። ጣሳው ላይ «መጀመሪያ ሳምንት አራት ማንኪያ» የሚለውን ያስጻፈው ጣሳውን የሚሸጠው ድርጅት መሆኑንም አልረሳም፤ ሦስት መቶ ግራም የሚይዝ ጣሳ በዚያ አካሄድ በአንድ ሳምንት ግማሽ ሊደርስ ምንም አይቀረው።

ወደ ኩላሊቱ እንምጣ። ጡንቻ ውስጥ ካለው ክሬቲን በየቀኑ ሁለት በመቶ የማይሞላው በራሱ ጊዜ ተለውጦ ክሬቲኒን የሚባል ቆሻሻ ይሆናል። ኩላሊት ያጣራዋል። ሐኪሞች ኩላሊት በደንብ መሥራቱን በአብዛኛው የሚገምቱት ደም ውስጥ የቀረውን የዚህን ክሬቲኒን መጠን አይተው ነው፤ ከፍ ካለ ኩላሊቱ አላጣራም ማለት ነው ብለው ይነሣሉ። ግምቱ የሚሠራው ግን የሚመረተው መጠን የተለመደው ከሆነ ነው። ጡንቻው ሃያ በመቶ ተጨማሪ ክሬቲን ከያዘ፣ የሚመረተው ክሬቲኒንም በዚያው ልክ ይጨምራል። ማጣሪያው ምንም ሳይሆን ቁጥሩ ይወጣል።

አንድ የማውቀው የሠላሳ አራት ዓመት ልጅ ይህ ደርሶበታል። ዐቢይ ጾምን ጾሞ፣ በፋሲካ ማግሥት ሎዲንግ ጀመረ። በሳምንቱ ለዓመታዊ ምርመራ ቀጠሮ ነበረው፤ ዋዜማውን ደግሞ ጓደኞቹ ጋር በትልቁ ጥብስ በልቷል። ባለፈው ዓመት 1.1 የነበረው ክሬቲኒኑ 1.4 ሆኖ መጣ። ስልኩ ላይ ውጤቱ በቀይ ምልክት ታየው፤ የኩላሊቱ የማጣራት ግምት ከ90 ወደ 68 ወርዷል። «ሩብ ኩላሊቴ ሄደ» ብሎ ሲደውልልኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እስቲ እንቁጠረው። 1.1 ላይ ሃያ በመቶ ቢጨመር 1.3 ይሆናል፤ ይህ የዱቄቱ ነው። የቀረውን ጥብሱ ይሸፍነዋል፤ ሥጋ ሲበስል በውስጡ ካለው ክሬቲን ከፊሉ እዚያው ምጣድ ላይ ክሬቲኒን ይሆናል፣ ተበልቶም ለሰዓታት ደም ውስጥ ይገኛል። ልጁ በዚህ ላይ ጠዋት ከባድ የእግር ልምምድ ሠርቶ ነበር የሄደው። የደም ቀጂዋ አልጠየቀችም፣ እሱም አልተናገረም። ሐኪሙ የሚወስደውን መድኃኒት ሲጠይቀው «ምንም» ብሎ መልሷል፤ ዱቄት መድኃኒት ነው ብሎ አላሰበማ! የእኛ ሰው የጤፍ ዓይነት ሳይቀር ሲዘረዝር ይውላል፣ ሐኪም ፊት ግን ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ይቆጥረዋል።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ልጁ ደውሎ ክሬቲን እንደሚወስድ ተናገረ፤ ሐኪሙ ሁለት ምርመራ አዘዘለት። አንዱ ሲስታቲን ሲ ይባላል። ከጡንቻም ከጥብስም የማይመጣ፣ አካላችን ውስጥ ያሉ ሴሎች የሚያመርቱት ትንሽ ፕሮቲን ስለሆነ ክሬቲን አያታልለውም፤ የታይሮይድ በሽታ፣ ውፍረትና እንደ ፕሬድኒሶን ያሉ መድኃኒቶች ግን ሊያዛቡት ይችላሉ። ሌላው በሽንት ውስጥ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን መኖሩን የሚያይ ነው፤ የተጎዳ ማጣሪያ ፕሮቲን ያሳልፋል። በሲስታቲን የተሠራው ግምት 97 ሆነ፣ የሽንቱም ከሠላሳ በታች መሆን የሚገባው ቁጥር ሰባት ነበር። ዱቄቱን አቁሞ ከወር በኋላ፣ ከሥጋም ከከባድ ልምምድም አንድ ሁለት ቀን ታቅቦ ሲመረመር ክሬቲኒኑ ወደ 1.1 ተመለሰ። የኩላሊት በሽታ የሚባለውም ቢሆን ግምቱ ከስልሳ በታች ሆኖ፣ ወይም የሽንቱ ምልክት ታይቶ፣ ሦስት ወር ሲዘልቅ እንጂ በአንድ ማለዳ ደም አይደለም።

ለጿሚው አንድ ነገር ልጨምር። ሥጋና ዓሣ ለረጅም ጊዜ የማይበላ ሰው ጡንቻው ውስጥ ያለው ክሬቲን ዝቅ ያለ ስለሚሆን ከዱቄቱ የሚያገኘው ለውጥ ከሌላው ይበልጣል። ዱቄቱም በፋብሪካ የሚቀመም እንጂ ከእንስሳ የሚወጣ አይደለም። እንክብል ሆኖ የሚሸጠው ግን ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነውና፣ የሚጠነቀቅ ሰው ተራውን ዱቄት ይምረጥ። ጣሳው ላይ ከክሬቲን ሞኖሃይድሬት በቀር ሌላ ነገር የተዘረዘረ ከሆነ ይተወው። ሎውሪ በተዘጋበት በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እነዚህን ነገሮች ለመሸጥ ቅድሚያ የመንግሥት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ስለዚህ እንደ ኤንኤስኤፍ ያለ ገለልተኛ መርማሪ ማኅተሙን ያኖረበትን መፈለግ ይሻላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጤነኛ ኩላሊት ላለው ሰው ነው፤ በቀን ከሦስት እስከ አምስት ግራም ሲወሰድ በእንደዚህ ያሉ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጉዳት አላገኙም። የታመመ ኩላሊት ላይ የተጠና ነገር ግን ጥቂት ነው። በ1998 ላንሴት ላይ የወጣ አንድ ታሪክ አለ፤ የኩላሊት ማጣሪያ በሽታ ያለበትና ሳይክሎስፖሪን የሚወስድ የሃያ አምስት ዓመት እግር ኳስ ተጫዋች በቀን አምስት ግራም ሦስት ጊዜ እየወሰደ ለሳምንት ሎድ አደረገ፣ ከዚያ በሁለት ግራም ቀጠለ። የኩላሊቱ ቁጥር ወረደ፣ ሲያቆም ተመለሰ። የተጎዳው ኩላሊቱ ይሁን ቁጥሩ ሐኪሞች ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ቤተሰብ ግን ያንን ክርክር በራሱ ላይ ሊሞክረው አይገባም።

ይህን የምለው ሌላ ነገር ስላየሁ ነው። ልጆቹ ዱቄቱን ለአባቶቻቸው ማካፈል ጀምረዋል። አንድ የስድሳ ዓመት አባት፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው፣ ለጉልበታቸው በየቀኑ አይቡፕሮፌን የሚውጡ፣ ጂም አጠገቤ ቆመው ማንኪያ ሲቀላቅሉ አየሁና «ጋሼ፣ ሐኪምዎ ያውቃል?» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ ልጄ ነው የሰጠኝ፤ ልጄ ክፉ ይሰጠኛል?» አሉኝ።

አይሰጥዎትም፣ ግን የእርስዎ ኩላሊት የእሱ አይደለም፣ አይቡፕሮፌኑ ብቻ ይበቃዋል፣ መጀመሪያ የሽንቱንና የሲስታቲኑን ምርመራ ያስደርጉ አልኳቸው። ሁለቱን ቃላት ስልካቸው ላይ በአማርኛ ጻፍኩላቸው፤ ጠርሙሱን ሳይጠጡ ከድነው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ለማክሰኞ ቀጠሮ እንዳላቸው ነገሩኝ።