ማንቂያ፦ ኤክሴል ጥቅምት 30ን አያውቅም

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ጤና ጣቢያዎች የታካሚ መዝገብን ወደ ኤክሴል የምትገለብጡ ባለሙያዎች፣ ወሩ 20 ሲሞላ ሪፖርቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ቀኖቻችሁን ፈትሹ። ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን ቀን ስህተት፣ ስህተቱን ደግሞ ትክክል እያለ ያሳልፍባችኋል።

መዝገቡ የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ኤክሴል የሚያነበው ግን በፈረንጆቹ። ጥቅምት 30ን 30/02/2016 ብላችሁ ብትጽፉ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጥረውና ወደ ግራ ያስጠጋዋል። 31/01/2016 ግን፣ ኮምፒውተሩ ቀንን አስቀድሞ እንዲያነብ ከተስተካከለ፣ ያለ ጥያቄ ያልፋል፤ መስከረም 31 የሚባል ቀን ግን የለም። ወርን አስቀድሞ በሚያነብ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ጳጉሜን 5፣ ማለትም 05/13/2015፣ ሜይ 13 ሆኖ ቁጭ ይላል። በየወሩ የምንሠራው የናሙና ማመሳከሪያም ይህን አይዝም። እሱ የሚያወዳድረው በመዝገብ የተቆጠረውንና በሪፖርት የተላከውን ብዛት ስለሆነ፣ ብዛቱ ከተስማማ የማይሆነው ቀን አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ ቀንን በአንድ ሕዋስ አትጻፉ። ዓመቱን በ`B`፣ ወሩን በ`C`፣ ቀኑን በ`D` ለያይታችሁ አስገቡና ይህን ቀመር አጠገቡ አድርጉ፦

```
=IF(OR(C2<1,C2>13,D2<1,D2>IF(C2=13,IF(MOD(B2,4)=3,6,5),30)),"ይጣራ","")
```

ቀመሩ በ12ቱ ወራት ከ30 በላይ የሆነን ቀን ይይዛል። ጳጉሜንን በ5፣ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ከተረፈ ደግሞ በ6 ይገድባል፤ 2015 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ እያንዳንዱን ቀን ወደ ተራ ቁጥር ለውጡና ቀንሱ፦

```
=B2*365+INT(B2/4)+C2*30+D2
```

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ነፍሰ ጡሯ የመጨረሻ የወር አበባዋን ያየችው ጥር 12 ቀን 2016፣ ለክትትል የመጣችው ግንቦት 10 ቀን 2016 ነው እንበል። ልዩነቱ 118 ቀን፣ ማለትም 16 ሳምንት ከ6 ቀን ነው። መዝገቡ 36 ሳምንት ካለ ከሦስቱ አንዱ ተሳስቷል። ልዩነቱ ከዜሮ በታች ከወጣ ደግሞ የወር አበባው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ከዜሮ በታች የሆነው ስህተት ራሱን ያጋልጣል። አስፈሪው በገደብ ውስጥ ሆኖ የሚያልፈው ነው። ያቺው እናት ከግል ሆስፒታል ባመጣችው ወረቀት ላይ የትውልድ ዘመኗ ማርች 1988 ተብሎ፣ እንዳለ ተገልብጦ ቢገባ፣ ከ2016 ሲቀነስ ዕድሜዋ 28 ይሆናል። 28 ዓመት ለነፍሰ ጡር ያልተለመደ ስላልሆነ የትኛውም የገደብ ማጣሪያ አይነካውም። ማርች 1988 በእኛ 1980 ነውና እውነተኛ ዕድሜዋ 36 ነው። ከ35 ዓመት በላይ ስለሆነች የተለየ ክትትል ከሚገባቸው እናቶች መሃል እንዲህ ትጠፋለች። ማግኛው መንገድ አንድ ነው፦ ከትውልድ ዘመን የተሰላውን ዕድሜ በዕድሜ ዓምድ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት የሆነበትን መስመር ሁሉ አውጡ፤ የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት ይህ ነውና።

በክብደት ዓምድ ላይ ደግሞ የማይሆነውንና ያልተለመደውን አትቀላቅሉ። አዲስ የተወለደ ሕፃን 32 ኪሎ አይመዝንም፤ ነጥብ ተረስታ 3.2 ሊሆን ይችላል። 3200 ከተጻፈም ግራም ሊሆን ይችላል። 4.9 ኪሎ ግን ብርቅ ቢሆንም እውነት ሊሆን ይችላል፤ አማካዩን ያበላሻል ተብሎ አይሰረዝም፣ ከወሊድ ካርዱ ጋር ይመሳከራል።

ያገኛችሁትን ኤክሴሉ ላይ ወዲያው አታርሙ፤ ዝርዝር አውጡ። ለእያንዳንዱ መስመር የካርድ ቁጥር፣ የመዝገቡ ገጽና ተራ ቁጥር፣ የተጠረጠረው ዓምድ፣ እንዳለ የተጻፈው፣ የተጠረጠረበት ምክንያት፣ ካርዱ የሚለው፣ ያረመው ሰው ፊርማና ቀን ይኑር። የታካሚ ስም አያስፈልግም። ዝርዝሩ መዝገቡን ወደ ሞላው ክፍል ይሄዳል፤ እዚያ ካርዱ ይወጣና ይታያል። መዝገቡ ላይ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው አጠገቡ ይጻፋል፣ ይፈረማል። በነጭ ማጥፊያ አይሸፈንም፤ ቀድሞ የተጻፈው መነበብ አለበት። ኤክሴሉ የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው።

ካርዱም ካልመለሰ፣ ታካሚዋም ካልተገኘች፣ «አልታወቀም» ብላችሁ ተዉት። «አልታወቀም» የሚል ሕዋስ የሚጠይቅ ሰው ያገኛል። በግምት የተሞላ ቀን ግን ማጣሪያውን ሁሉ አልፎ እንደ እውነት ይኖራል፤ ዳግም የሚፈልገው የለም።