37 ዓመት አስተምረው ወረቀቱ 33 ሲል፦ የጠፉት 4 ዓመታት የት ገቡ?

አባታችሁ ወይም እናታችሁ መምህር ከነበሩ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ጡረታ የወጣ ሰው ቤት ውስጥ አንድ ቀን የሚመጣ ወረቀት አለ፤ የጡረታ ውሳኔ ይባላል። ብዙ ሰው ወዲያው የሚያየው የብሩን መጠን ነው። ከብሩ በፊት መታየት ያለበት ግን ሌላ ቁጥር ነው፦ የአገልግሎት ዘመን። ያ ቁጥር ከተሳሳተ ብሩም ይሳሳታል፤ ስህተቱ ደግሞ የአንድ ወር ብቻ ሳይሆን የዕድሜ ልክ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። መምህሩ ምናባዊ ናቸው፣ ስሌቱ ግን እውነተኛው ነው። በ1978 ዓ.ም. በወላይታ አውራጃ በቋሚነት ተቀጠሩ፣ በ2015 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ወጡ። ሳያቋርጡ 37 ዓመት አስተምረዋል። የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዛቸው 9,000 ብር ነው እንበል።

የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚሰላው እንዲህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከአማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ለተሠራ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የእኚህ መምህር 37 ዓመት ማለት 30 ሲደመር 27 ጊዜ 1.25፣ በድምሩ 63.75 በመቶ ነው። ይህም በወር 5,737 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል።

ውሳኔው ላይ የተጻፈው ግን 33 ዓመት ነው። ስለዚህ 58.75 በመቶ ተሰላላቸው፤ በወር 5,287 ብር ከ50 ሳንቲም። ልዩነቱ 450 ብር ነው። «450 ብር ምን አላት?» የሚል ይኖራል። በዓመት 5,400 ብር ነው፤ በ15 ዓመት 81,000 ብር። መምህሩ ሲሞቱም አያበቃም። ባለቤታቸው የሚያገኙት የእሳቸውን ጡረታ ግማሽ ስለሆነ፣ የተሳሳተው ቁጥር ለባለቤታቸውም ይተላለፋል።

ታዲያ 4ቱ ዓመታት የት ሄዱ? ማንም ተንኮል አልሠራም እንበል። የወላይታን የአስተዳደር ታሪክ ያየ ሰው መልሱን ለመገመት አይቸገርም።

መምህሩ ሲቀጠሩ ወላይታ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር ያለ አውራጃ ነበር፤ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ አዋሳ። ደርግ በመጨረሻ ዓመታቱ አወቃቀሩን ሲቀይር ወላይታ ወደ ሰሜን ኦሞ ተጠቃለለ፤ ማዕከሉም አርባ ምንጭ ሆነ። ኢሕአዴግ ከገባ በኋላም ሰሜን ኦሞ ዞን ሆኖ ቀጠለ። በ1992 የ«ወጋጎዳ» ቋንቋና መጻሕፍት ጉዳይ ሶዶን ሲያናውጥ ከቦታቸው የተነሡ መምህራን ነበሩ። ከዚያ በኋላ በ1993 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፣ ማዕከሉም ሶዶ። በነሐሴ 2015 ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተና ወላይታ ሶዶ የክልሉ መቀመጫ ሆነች።

አስቡት እንግዲህ። ሰውየው ከአንድ ሰፈር ብዙም ሳይርቁ ሲያስተምሩ፣ ፋይላቸው ግን አዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ሶዶ ሲል ኖሯል። በእያንዳንዱ ሽግግር ላይ አንድ ፋይል ተዘግቶ ሌላ ይከፈታል። አዲሱን ፋይል የከፈተው ሠራተኛ የድሮውን የቅጥር ደብዳቤ ካላያያዘ፣ መምህሩ በወረቀት ላይ «የተወለዱት» አዲሱ ፋይል በተከፈተበት ዓመት ይሆናል። በእኛ ምሳሌ፣ 1982 ላይ።

ሌላው ምክንያት ስም ነው። የወላይታ ስሞች በአማርኛ ፊደል ሲጻፉ አንድ ወጥ አይደሉም። የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ስም እንኳ አንዱ ጋ «ጦና»፣ ሌላው ጋ «ቶና» ተብሎ ይጻፋል። የንጉሥ ስም እንዲህ ከሆነ የአንድ መምህር ስም የቅጥር ደብዳቤው ላይ አንድ ዓይነት፣ የደመወዝ ሊስቱ ላይ ሌላ ዓይነት ቢሆን አይገርምም። ሰነድ የሚመረምረው ሰው ግን «ይህ ሌላ ሰው ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። ደብዳቤ ጽፈው በቀጥታ ወደ ጡረታ ቢሮ ይሄዳሉ፤ ቢሮው «ማስረጃ አምጡ» ይላቸዋል፤ ተናደው ይመለሳሉ። የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር የሚያውቀው አሠሪው የላከለትን ወረቀት ነው። መምህሩ 1979 ላይ የትኛው ትምህርት ቤት እንደነበሩ ቢሮው በራሱ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ስለዚህ ደብዳቤው የሚገባው ጡረታ ቢሮ ቢሆንም፣ የጠፋው ዓመት ያለው ሌላ መደርደሪያ ላይ ነው፦ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ወረዳ ፋይናንስ፣ ወይም ያስተማሩበት ትምህርት ቤት።

ታዲያ ምን ይፈለጋል? በመጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤ። ቀጥሎ የዝውውርና የደመወዝ ዕድገት ደብዳቤዎች። ከሁሉም በላይ ግን ጠንካራው የደመወዝ መክፈያ ሊስት፣ ሰው «ፔሮል» የሚለው ነው። ለምን? የቅጥር ደብዳቤ መቀጠራችሁን ያሳያል፤ ፔሮል ግን በዚያ ወር ሠርታችሁ እንደተከፈላችሁና ለጡረታ እንደተቀነሰባችሁ ያሳያል። የመምህሩም ፊርማ አለበት። ከጠፉት 4 ዓመታት የተወሰኑ ወራት ፔሮል እንኳ ቢገኝ፣ የቀረውን በዝውውርና በዕድገት ደብዳቤ ማያያዝ ይቀላል።

ሁሉም ዓመት ግን አይቆጠርም፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ከከንቱ ምልልስ ያድናል። ቋሚ ከመሆናቸው በፊት በጊዜያዊነት ያስተማሩበት ጊዜና ያለ ደመወዝ ፈቃድ የወሰዱበት ጊዜ እንደ ጠፋ ዓመት ሊጠየቅ አይችልም። ለትምህርት ተልከው ደመወዝ እየተከፈላቸው ከነበረ ግን ፔሮሉ ይመሰክራል።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ጡረተኛ መምህራን ደብዳቤ መጻፍ አይከብዳቸውም፤ እጃቸውም ቋንቋቸውም ያማረ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ልባቸውን ይጽፋሉ፦ ስንት ትውልድ እንዳስተማሩ፣ በእግር ስንት ሰዓት እንደተጓዙ። እውነት ነው፣ ግን መርማሪው በዚያ ላይ መወሰን አይችልም። እሱ የሚፈልገው ቀን፣ ቦታና አባሪ ነው። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«ጉዳዩ፦ ያልተመዘገበ የአገልግሎት ዘመን እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ።

በቁጥር … በቀን … በተጻፈ ውሳኔ የአገልግሎት ዘመኔ 33 ዓመት ተብሎ ጡረታዬ ተወስኗል። ሆኖም ከመስከረም 1978 እስከ ነሐሴ 1981 ዓ.ም. በቀድሞው ሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ ወላይታ አውራጃ፣ … ትምህርት ቤት በቋሚ መምህርነት ያገለገልኩበት 4 ዓመት አልተካተተም። ለዚህም የቅጥር ደብዳቤ፣ የዝውውር ደብዳቤና የደመወዝ መክፈያ ሊስት ቅጂ በአባሪነት አቅርቤያለሁ። በቅጥር ደብዳቤው ላይ ስሜ … ተብሎ የተጻፈው የፊደል ልዩነት እንጂ ሌላ ሰው አለመሆኑን በአባሪ ባለው የአሠሪ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አረጋግጣለሁ። ስለዚህ የአገልግሎት ዘመኔ ተስተካክሎ ጡረታዬ እንደገና እንዲሰላና ያለፈው ልዩነት እንዲከፈለኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ከታች «ግልባጭ» ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ደብዳቤው በሁለት ኮፒ ይዘጋጅና አንዱን መዝገብ ቤት ሰጥታችሁ፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱበት። ያ ማኅተም ያለበት ኮፒ ከሌላችሁ ነገ «አልደረሰንም» ቢባል መልስ የላችሁም። ልዩነቱን በግልጽ መጠየቅም አይረሳ፤ ውዝፍ ክፍያ በይርጋ ስለሚታገድ «ቆይ በዓሉ ይለፍ» ማለት ገንዘብ ያስከፍላል።

ቢሮው «አልቀበልም» ካለ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። በአስተዳደሩ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቤት ማለት ይችላል። በቃል የተነገረ እምቢታ ግን ይግባኝ ለማለት አይመችም።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ መሮጥ ያለበት ማነው? በሕጉ ሠራተኛውን መዝግቦ መረጃውን ማስተላለፍ፣ ከደመወዙ 7 በመቶ ቀንሶ የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ ማስገባት የአሠሪው ግዴታ ነው። አሠሪው ሳይቀንስ ቢቀር እንኳ ተጠያቂው ራሱ ነው። በተግባር ግን የጠፋውን ወረቀት ፍለጋ ደረጃ የሚወጡት የ60 እና የ65 ዓመት ሰዎች ናቸው። ፋይሉን ያዘዋወረው መንግሥት፣ ፋይሉን ፈላጊው ጡረተኛው። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው ያለው።

ጉዳዩ የሽማግሌዎች ብቻም አይደለም። ክልሉ ገና አዲስ ነው፤ ሲመሠረትም ፋይሎች ከሐዋሳ ወደ ሶዶና ወደ ሌሎቹ ማዕከላት መሸጋገር ነበረባቸው። በ2016 በወላይታ ደመወዝ ዘግይቶና ተቆራርጦ መምህራን ሥራ ያቆሙባቸው ወራት ነበሩ። ደመወዝ ባልተከፈለበት ወር የጡረታ መዋጮው ገብቷል ወይ ብሎ ዛሬ የማይጠይቅ የ28 ዓመት መምህር፣ ከ32 ዓመት በኋላ ያቺን ወር ፍለጋ ሊወጣ ይችላል።

ስልካችሁ ካሜራ አለው። ዛሬ ማታ የአባታችሁን ወይም የእናታችሁን የቅጥር ደብዳቤ፣ የዝውውርና የዕድገት ወረቀቶች አንድ በአንድ አንሡና አስቀምጡ፤ ዋናውን ግን ለማንም አትስጡ፣ ቢሮ የሚገባው ኮፒው ነው። ጡረታ ገና ያልወጡ ከሆነ ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት ፋይላቸውን አስወጥተው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ዓመት ይዩት። ፔሮሉ ያለበት ክፍል ሳይፈርስ፣ ያስቀጠራቸው ኃላፊ በሕይወት ሳሉ አንድ ዓመት ማስመዝገብ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።